ሃይ-ሎው፣ ስካተር ወይስ ሪግሬሽን? ኦቨርሄድን ከማሽን ሰዓት ጋር ለማገናኘት የቱ ይሻላል

አንድ ደንበኛ 300 የማሽን ሰዓት የሚፈጅ ተጨማሪ ትዕዛዝ ይዞ መጣ እንበል። የጥሬ ዕቃውና የቀጥተኛ ሠራተኛው ወጪ ከዋጋው ሲቀነስ ለፋብሪካው 45,000 ብር ይተርፈዋል። ማሽኖቹ ሥራ የሚፈቱበት ጊዜ ስላለ ሌላ ትዕዛዝ አይገፋም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ አንድ ተጨማሪ የማሽን ሰዓት ኦቨርሄዱን፣ ማለትም ከጥሬ ዕቃና ከቀጥተኛ ሠራተኛ ውጭ ያለውን የፋብሪካ ወጪ፣ በስንት ብር ያሳድገዋል? 107 ብር ከሆነ ትዕዛዙ ያተርፋል። 193 ብር ከሆነ ያከስራል። ሁለቱም መልሶች ከዚህ በታች ካለው ከአንዱ ሠንጠረዥ ይወጣሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ማን፣ በምን ዘዴና በምን ጥንቃቄ እንዳሰላው ነው።

ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ የአንድ መካከለኛ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ የአንድ በጀት ዓመት መረጃ አድርጋችሁ ውሰዷቸው። ጳጉሜን እንደተለመደው ከነሐሴ ጋር ተደምራለች።

| ወር | የማሽን ሰዓት | ጠቅላላ ኦቨርሄድ (ብር) |
|---|---|---|
| ሐምሌ | 1,200 | 650,000 |
| ነሐሴ | 900 | 710,000 |
| መስከረም | 1,500 | 690,000 |
| ጥቅምት | 1,800 | 770,000 |
| ኅዳር | 2,000 | 790,000 |
| ታኅሣሥ | 2,100 | 820,000 |
| ጥር | 1,900 | 770,000 |
| የካቲት | 2,000 | 810,000 |
| መጋቢት | 2,200 | 850,000 |
| ሚያዝያ | 1,700 | 730,000 |
| ግንቦት | 2,400 | 870,000 |
| ሰኔ | 1,900 | 780,000 |

በኦቨርሄዱ ውስጥ የመብራት ክፍያ፣ ቅባትና ዘይት፣ መለዋወጫ፣ የጥገና ሠራተኞች ደመወዝ፣ የጥበቃ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የእርጅና ተቀናሽ ሁሉም አሉበት። ኪራዩና የጥበቃው ደመወዝ ማሽን ዞረም አልዞረም ይከፈላሉ። ቅባቱና አብዛኛው የመብራት ክፍያ ግን ማሽኑ በዞረ ቁጥር ይጨምራሉ። ስለዚህ ጠቅላላው ድብልቅ ወጪ ነው፤ የምንፈልገውም ይህን ድብልቅ በሁለት ከፍሎ የሚያሳይ ቀጥታ መስመር ነው፦

```
Y = a + bX
```

`Y` የወሩ ኦቨርሄድ፣ `X` የማሽን ሰዓቱ፣ `a` በየወሩ የማይቀረው ቋሚ ወጪ፣ `b` ደግሞ እያንዳንዱ ሰዓት የሚጨምረው ብር ነው። የሚወዳደሩት ሦስቱም ዘዴዎች የሚፈልጉት እነዚህኑ `a` እና `b` ነው።

ሃይ-ሎው፦ ሁለት ወር ብቻ

ይህን ዘዴ ኮሌጅ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የማሽን ሰዓቱ ከፍተኛ የሆነበትንና ዝቅተኛ የሆነበትን ወር ትወስዳላችሁ፣ የወጪውን ልዩነት ለሰዓቱ ልዩነት ታካፍላላችሁ። እዚህ ከፍተኛው ግንቦት፣ ዝቅተኛው ነሐሴ ነው። የወጪው ልዩነት 160,000 ብር፣ የሰዓቱ ልዩነት 1,500 ነው፤ ሲካፈል በሰዓት 106.67 ብር ይሆናል። ግንቦት ላይ 2,400 በ106.67 ሲባዛ 256,000 ስለሚሆን ከ870,000 የሚቀረው 614,000 ብር ቋሚ ወጪ ነው ይባላል።

ፈጣን ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ደካማ ጎኑ አሥሩን ወር ከነጭራሹ አለማየቱ ነው። መስከረም ወይም መጋቢት ላይ ያለው ወጪ በእጥፍ ቢቀየር እንኳ የሃይ-ሎው መልስ አይነቃነቅም።

ወራቱ የሚመረጡት በሰዓት ነው፣ በወጪ አይደለም። በወጪ የሚመርጥ ሰው እዚህ ዝቅተኛው ሐምሌ ነው ብሎ 650,000ን ይወስድና 183.33 ብር ያገኛል። የሚያስቀው ነገር፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ያ የተሳሳተ አመራረጥ በአጋጣሚ ከትክክለኛው ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ቁጥር ሰጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ግን አይደገምም፤ በአጋጣሚ ላይ በጀት አይሠራም።

ስካተር፦ ዐይን የሚያየው

አሥራ ሁለቱን ወራት በግራፍ ላይ በነጥብ ማስቀመጥ ነው፤ የማሽን ሰዓት በአግድም፣ ኦቨርሄድ በቁመት። ነጥቦቹ ከተቀመጡ በኋላ በመካከላቸው የሚያልፍ መስመር በማስመሪያ ይሰመራል። በእኛ ሠንጠረዥ አሥራ አንዱ ነጥቦች ከግራ ወደ ቀኝ ተሰልፈው ሲወጡ አንዱ፣ ነሐሴ፣ በግራ ጥግ ከሰልፉ በላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። እሱን ትቶ በቀሩት መሐል የሚያሰምር ሰው በ1,200 ሰዓት 640,000፣ በ2,400 ሰዓት 875,000 ገደማ ያነባል። ይህም በሰዓት 196 ብር፣ በወር ደግሞ 405,000 ብር ቋሚ ወጪ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ሲያሰምረው ሌላ ቁጥር ይወጣል፤ ስለዚህ ለኦዲተር የሚቀርብ ማስረጃ አይሆንም። እንደ መጨረሻ መልስ ብዙም አልመክረውም። እንደ መጀመሪያ እርምጃ ግን የሚተካው የለም፤ ግራፉን ሳያይ ወደ ቀመር የሚገባ ሰው ነሐሴን መቼም አያያትም።

ሪግሬሽን፦ ሁሉም ወር ድምፅ አለው

ሊስት ስኩዌር የሚባለው ሪግሬሽን ማስመሪያውን ከሰው እጅ ወስዶ ለሒሳብ ይሰጠዋል። በነጥቦቹ መካከል ሊሰመሩ ከሚችሉት መስመሮች ሁሉ አንዱን ይመርጣል፦ እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ በቁመት የሚርቅበት ልክ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ድምሩ ከሁሉም የሚያንስለትን። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1805 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዣንድር ነበር፤ ያሳተመውም ስለ ኮሜቶች ጉዞ በጻፈው መጽሐፍ ነው፣ የፋብሪካ ኦቨርሄድ አላሳሰበውም።

በእጅ መሥራት ከባድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በእጅ የሠራው ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ቁጥር ያለ ፍርሃት ይጠይቃል። መጀመሪያ አማካዮቹ ይወጣሉ። የሰዓቱ ድምር 21,600 ስለሆነ አማካዩ 1,800 ነው፤ የወጪው ድምር 9,240,000 ስለሆነ አማካዩ 770,000 ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ወር ከአማካዩ በስንት እንደሚርቅ ይጻፋል። ቁጥሩ እንዳይበዛ ሰዓቱን በመቶ፣ ብሩን በሺህ እንውሰድ። ሐምሌ በሰዓት 6 ያንሳል፣ በብር 120 ያንሳል። ግንቦት በሰዓት 6 ይበልጣል፣ በብር 100 ይበልጣል። ጥቅምት ሁለቱንም አማካይ ላይ ስለሆነ ዜሮና ዜሮ ነው።

ከዚያ ሁለት ድምሮች ብቻ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የሰዓቱ ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ነው፤ በወራቱ ቅደም ተከተል 36፣ 81፣ 9፣ 0፣ 4፣ 9፣ 1፣ 4፣ 16፣ 1፣ 36፣ 1፤ ድምሩ 198። ሁለተኛው የሰዓቱ ርቀት በብሩ ርቀት ተባዝቶ ሲደመር ነው፤ 720፣ 540፣ 240፣ 0፣ 40፣ 150፣ 0፣ 80፣ 320፣ 40፣ 600፣ 10፤ ድምሩ 2,740። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል 13.838 ይወጣል፤ ይህም ለመቶ ሰዓት 13,838 ብር፣ ለአንድ ሰዓት 138.38 ብር ማለት ነው። መስመሩ በአማካዮቹ ነጥብ ላይ የግድ ስለሚያልፍ ቋሚው ወጪ ከ770,000 ላይ 1,800 ጊዜ 138.38 ሲቀነስ ይገኛል፦ 520,909 ብር።

መስመሩ የወጪውን መለዋወጥ ምን ያህል እንደሚያስረዳ የሚለካው አር-ስኩዌር 0.81 ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «81 በመቶ ጥሩ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ስካተሩ በማስመሪያ 196 ብር ሲል ሪግሬሽኑ 138 ብር ያለው ግን ለምንድን ነው?

ነሐሴ ምን ሆነች?

መልሱ ሒሳብ ክፍሉ ዘንድ ካለ አንድ ደረሰኝ ይገኛል። ፋብሪካው በየዓመቱ በክረምት ማሽኖቹን አቁሞ አጠቃላይ ጥገና ያስደርጋል። የዘንድሮው የጥገና ክፍያ 120,000 ብር ሲሆን ሙሉ በሙሉ በነሐሴ ተመዝግቧል። ማሽኖቹ ለጥገና ስለቆሙ ሰዓቱ ወረደ፤ ጥገናው ስለተደረገ ወጪው ወጣ። የሰዓቱም ማነስ የወጪውም መብዛት መንስኤያቸው አንድ ነው። ሰዓት ወጪን ይነዳል ብለን የተነሣንበት ሐሳብ በዚያ ወር ተገልብጧል፤ ጥገናው ሁለቱንም ነድቷቸዋል።

ሪግሬሽን ይህን አያውቅም። እንዲያውም ነሐሴን ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጦ ይሰማታል። ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ድምር መለስ ብላችሁ እዩት፤ ከ198ቱ 81ዱ የነሐሴ ነው። ከአማካዩ የራቀ ወር ርቀቱ በራሱ ስለሚባዛ የመስመሩን ጫፍ እንደ ሚዛን ዘንግ ይዞ ያነሣዋል። ግራ ጫፉ ሲነሣ የመስመሩ ተዳፋት ይቀንሳል፤ በሰዓት የሚጨምረው ወጪ ያነሰ፣ ቋሚው ወጪ የበዛ መስሎ ይታያል።

ያው 120,000 ብር በጥቅምት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጥቅምት በሰዓት አማካዩ ላይ ስለሆነ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። የሰዓቱ ወጪ በአንድ ሳንቲም እንኳ አይዛባም ነበር፤ ቋሚው ወጪ ብቻ በወር 10,000 ብር ከፍ ይል ነበር። ሃይ-ሎውም ጥቅምትን ስለማያይ አይነካውም። ስለዚህ ስሕተቱ ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በየትኛው ወር ላይ ተቀመጠ የሚለው ይበልጣል። በሰዓት ጫፍና ጫፍ ያሉት ወራት ከሁሉ በፊት ሊመረመሩ ይገባል።

አሁን እናጽዳው። 120,000ውን ከነሐሴ አውጥተን 590,000 እናድርገው፤ አማካዩ 760,000 ይሆናል። ሁለተኛው ድምር ከ2,740 ወደ 3,820 ያድጋል፣ የመጀመሪያው 198 እንደሆነ ይቀራል። 3,820 ለ198 ሲካፈል በሰዓት 192.93 ብር፤ ቋሚው ወጪ 412,727 ብር። አር-ስኩዌር ወደ 0.99 ይወጣል። ያወጣነው 120,000 ብር ግን አልጠፋም። የዓመት ወጪ ስለሆነ ለ12 ወር ተካፍሎ በየወሩ 10,000 ብር በቋሚው ላይ ተጨምሮ በጀት ውስጥ ይገባል፤ ይህን መርሳት የዓመቱን በጀት በ120,000 ያጎድላል።

ነሐሴን ጨርሶ መሰረዝም ይቻላል፤ በቀሩት አሥራ አንድ ወራት 196 ብር ገደማ ይወጣል። ደረሰኙ ካለ ግን ወሩን ከመጣል ወጪውን ማውጣት ይሻላል። ነሐሴን ስትጥሉ ከ1,200 ሰዓት በታች ፋብሪካው ምን እንደሚመስል የሚነግራችሁን ብቸኛ ወር ትጥላላችሁ። መሰረዝ የሚፈቀደው ወሩ ለምን እንደተበላሸ ታውቆ፣ መጠኑን መለየት ሲያቅት ነው። «ከመስመሩ ስለራቀ» ብቻ ወር የሚሰርዝ ሰው የሚፈልገውን መልስ እየጻፈ ነው።

አራቱን መልሶች ጎን ለጎን

| ዘዴ | በሰዓት (ብር) | ቋሚ በወር (ብር) | የ300 ሰዓቱ ትዕዛዝ |
|---|---|---|---|
| ሃይ-ሎው፣ ሳይጸዳ | 106.67 | 614,000 | 13,000 ትርፍ |
| ሪግሬሽን፣ ሳይጸዳ | 138.38 | 520,909 | 3,485 ትርፍ |
| ሃይ-ሎው፣ ከጸዳ በኋላ | 186.67 | 422,000 | 11,000 ኪሳራ |
| ሪግሬሽን፣ ከጸዳ በኋላ | 192.93 | 412,727 | 12,879 ኪሳራ |

ከዚህ ሠንጠረዥ የምወስደው ሐሳብ የመማሪያ መጻሕፍቱ ከሚያጎሉት ትንሽ ይለያል። ከሃይ-ሎው ወደ ሪግሬሽን መሸጋገሩ የትዕዛዙን ውሳኔ አልቀየረም፤ ውሳኔውን የቀየረው አንዲቷ ደረሰኝ መገኘቷ ነው። የጸዳ ሃይ-ሎው ካልጸዳ ሪግሬሽን ይሻላል። ጊዜያችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ሃምሳውን ደቂቃ በመዝገቡ ላይ፣ አሥሩን በቀመሩ ላይ አውሉት።

በሌላ በኩል የጠቅላላ ወጪ ትንበያ ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ ልዩነቱ ብዙም አይጎላም። ለቀጣዩ ወር 2,300 ሰዓት ታቅዷል እንበል። ያልጸዳው ሪግሬሽን 839,000 ብር፣ የጸዳው 856,000 ብር፣ ያልጸዳው ሃይ-ሎው ደግሞ 859,000 ብር ገደማ ይላሉ። ያ ሃይ-ሎው እዚህ የቀረበው ስለሚያውቅ ሳይሆን 2,300 ለግንቦት ቅርብ ስለሆነ ነው። መስመሮቹ በተለመደው የሥራ መጠን አካባቢ ይገናኛሉ፤ የሚለያዩት በተዳፋታቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በሚቀጥለው ወር ስንት እናወጣለን?» ከሆነ ቀላሉ ዘዴ ሊበቃ ይችላል። «አንድ ተጨማሪ ሰዓት ስንት ያስወጣል?» ከሆነ ግን ስሕተቱ በሙሉ ወደ መልሱ ይገባል፤ የትዕዛዝ ዋጋ፣ በራስ ማምረትና ገዝቶ ማምጣት፣ አንድን ምርት ማቆም፣ እነዚህ ሁሉ የሚቆሙት በ`b` ላይ ነው።

ሪግሬሽን ብቻ የሚሰጠው ነገር

ሃይ-ሎው 186.67 ብር ይላችሁና ዝም ይላል። ይህ ቁጥር ሊዋዥቅ የሚችለው በ5 ብር ይሁን በ50 ብር አይናገርም። ሪግሬሽን ይናገራል። በጸዳው መረጃ የ`b` መደበኛ ስሕተት 6.75 ብር ነው። ለ12 ወር መረጃ 95 በመቶ መተማመኛ ለማግኘት በ2.228 ሲባዛ 15 ብር ይሆናል፤ የሰዓቱ ወጪ ከ178 እስከ 208 ብር ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው። ትዕዛዙ የሚያከስረው ወጪው ከ150 ብር በላይ ሲሆን ነው፤ 45,000 ለ300 ማካፈል ነውና። የክልሉ ዝቅተኛ ጫፍ እንኳ ከ150 በላይ ስለሆነ ለሥራ አስኪያጁ «በዚህ ዋጋ አንቀበለው» ማለት ያስደፍራል። የሃይ-ሎውን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ይህን ያህል አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም።

ይህ የመተማመኛ ክልል ግን የሚከላከለው ከተራ መዋዠቅ ነው፣ ከተበላሸ መዝገብ አይከላከልም። ባልጸዳው መረጃ ክልሉ ከ91 እስከ 186 ብር ነበር። ትክክለኛው 193 ብር ከክልሉ ውጭ ነው! 95 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብሎ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚጠቅመው ቀሪ ልዩነቱን ማየት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ወር ከመስመሩ በስንት እንደራቀ። ባልጸዳው ስሌት ነሐሴ ከመስመሩ 65,000 ብር ገደማ ከፍ ብላ ሐምሌና መስከረም ደግሞ 37,000ና 38,000 ገደማ ዝቅ ብለዋል። አንዱ ወር በብዙ ከፍ ብሎ ጎረቤቶቹ አብረው ዝቅ ማለታቸው መስመሩ በአንድ ነጥብ መጎተቱን ያሳብቃል። ከጸዳ በኋላ ትልቁ ልዩነት መጋቢት ላይ ያለው 13,000 ብር ያህል ነው፤ ሲደመሩና ሲቀነሱም መልክ የላቸውም፣ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

መልክ ካላቸው ግን ሌላ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የመብራት ሒሳብ በተበላበት ወር ሳይሆን በተከፈለበት ወር መመዝገቡ ነው። ያኔ የኅዳር ኦቨርሄድ የጥቅምትን መብራት ይይዛል፤ ሥራ ከበዛበት ወር ቀጥሎ ያለው ወር ሁልጊዜ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ ሥራ ከቀዘቀዘበት ወር ቀጥሎ ያለው ደግሞ በታች። ቀሪ ልዩነቱን ካለፈው ወር የማሽን ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ወዲያው ይታያል። መድኃኒቱ የቆጣሪ ንባቡን ቀን ይዞ ወጪውን ወደ ወሩ መመለስ ነው። ጳጉሜንም እዚህ አትርሷት፦ የእነዚያ ቀናት የማሽን ሰዓት በነሐሴ ተደምሮ የመብራታቸው ክፍያ መስከረም ላይ ካረፈ ሁለቱም ወራት ይዛባሉ። ወርኃዊ ደመወዝና ኪራይ በጳጉሜን ስለማይጨምሩ እነሱን ለመለወጥ አትሞክሩ።

በኤክሴል

ሰዓቱ በ`B2:B13`፣ የጸዳው ወጪ በ`C2:C13` ከሆነ፦

```
=SLOPE(C2:C13,B2:B13)
=INTERCEPT(C2:C13,B2:B13)
=RSQ(C2:C13,B2:B13)
=LINEST(C2:C13,B2:B13,TRUE,TRUE)
```

ወጪው ይቀድማል፣ ሰዓቱ ይከተላል። ከተገለበጠ `SLOPE` በ193 ፈንታ 0.005 ገደማ ይመልሳል፤ ይህ አንድ ብር ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። `RSQ` ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስለሆነ ስሕተቱን አያጋልጥም። `LINEST` ከሚሰጠው ሠንጠረዥ በሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ ያለው የ`b` መደበኛ ስሕተት ነው፤ ማባዣው ደግሞ `=T.INV.2T(0.05,10)` ሲባል ይወጣል። 10 የሚመጣው ከ12 ወራት ሁለቱ ለ`a` እና ለ`b` ስለሚቀነሱ ነው።

`a`ን ስታነቡ ቆጠብ በሉ። መረጃው የተሰበሰበው ከ900 እስከ 2,400 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። 412,727 ብር መስመሩ ወደ ዜሮ ሲዘረጋ የሚነካው ቦታ እንጂ ፋብሪካው ቢዘጋ የሚወጣው ወጪ አይደለም። ከ2,400 በላይም እንዲሁ፤ ሌላ ፈረቃ ተጨምሮ አዲስ ተቆጣጣሪና የሌሊት ጥበቃ ከተቀጠረ ወጪው በመስመር ሳይሆን በደረጃ ይዘላል።

ታዲያ የቱን?

ከስድስት ወር ያነሰ መረጃ ያለው አዲስ ፋብሪካ ሪግሬሽን መሥራቱ ብዙ አይጠቅመውም፤ የመተማመኛ ክልሉ በጣም ሰፊ ስለሚሆን። እንዲህ ላለው እያንዳንዱን የሒሳብ መደብ እየከፈቱ «ይህ ቋሚ ነው፣ ይህ ከማሽን ጋር ይሄዳል» ብሎ መለየትና በሃይ-ሎው ማመሳከር ይበቃል። አሥራ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ያለው፣ ውሳኔውም በተጨማሪ ሰዓት ወጪ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ስካተር አይቶ፣ መዝገቡን አጽድቶ ሪግሬሽን ይሥራ። አለቃው በስብሰባ መሐል ግምት ሲጠይቀው ሃይ-ሎው ነውር የለበትም፤ ጫፎቹ ላይ ያሉት ሁለት ወራት ጤነኛ መሆናቸውን አስቀድሞ ያጣራ እንጂ።

መረጃ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው ምክር ግን በኛ አገር ገደብ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመለዋወጫና የቅባት ዋጋ አብሮ ሄደ። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ ይላል። የ2015ን ወር ከ2017 ወር ጋር በአንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ብሮችን መደመር ነው፤ የማሽን ሰዓቱም በዚያ ጊዜ ካደገ የዋጋ ንረቱ በሙሉ በ`b` ላይ ተለጥፎ ይወጣል።

ለዚህ የምመርጠው መንገድ ሪግሬሽኑን በብር ሳይሆን በመጠን መሥራት ነው። በየወሩ የተበላውን ኪሎዋት ሰዓትና የተቀዳውን የቅባት ሊትር ከማሽን ሰዓቱ ጋር ለየብቻ አስሉ። ማሽኑ ለአንድ ሰዓት የሚበላው ኪሎዋት ሰዓት በምንዛሪ አይቀየርም፤ ስለዚህ የሦስት ዓመት መረጃም በአንድ ላይ ይገባል። የተገኘውን መጠን በዛሬው ታሪፍና በዛሬው ዋጋ አባዙትና ደምሩት፤ ታሪፉ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲቀየር ሪግሬሽኑን እንደገና መሥራት ሳያስፈልግ ዋጋውን ብቻ መቀየር ይበቃል። መጠኑ ያልተመዘገበለት ወጪ ካለ፣ ለምሳሌ ልዩ ልዩ መለዋወጫ፣ ለእሱ ብቻ የቅርቡን አሥራ ሁለት ወር በብር ተጠቀሙ።